ካርዱ ማኅተም ካረፈበት በኋላ

ሰኔ ሲጋመስ ልጅ በሚያስተምር ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ለልጃችን መምህር ምን እንስጥ? ጥያቄው ደግ ነው። አጠያየቁ ግን ከራሱ የተገለበጠ ይመስለኛል። «ምን» ከማለት በፊት «መቼ» ማለት ይቀድማል። ያው አንድ ኪሎ ማር ሰኔ 10 ቀን ሲሰጥ መማለጃ ይመስላል፤ ሐምሌ 2 ቀን ሲሰጥ ምስጋና ነው። ማሩ አልተለወጠም። የተለወጠው በመምህሩ እጅ የቀረው ነገር ነው።

ይህን የምለው ነገሩን ከሁለቱም ወገን ስላየሁት ነው። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነበርሁ። ከወላጅ ስጦታ ተቀብያለሁ፣ መልሻለሁ፣ ልመልስ ብዬ አፍሬ የቀረሁበትም አለ። ወላጅ «ምንም አስቤ አይደለም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ። መምህሩ ግን የሰው ልብ ከፍቶ ማየት አይችልም። የሚያየው ቀኑን፣ የዕቃውን ክብደትና ዕቃው የገባበትን በር ነው።

ስለ ቀኑ ልጀምር። ወላጅ የመጨረሻው ፈተና ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ልጁ ደብተሩን ጥሎ መንገድ ላይ ሲሯሯጥ ያያል፤ «እንግዲህ አሁን ብንሰጥ ማን ምን ይለናል?» ይላል። የመምህሩ ከባድ ሥራ የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው። ፈተናው ይታረማል፤ በዓመቱ ውስጥ የተያዘው የፈተና፣ የክፍል ሥራና የቤት ሥራ ነጥብ ተደምሮ ማርክ ሊስት ላይ ይሰፍራል። የክፍል ኃላፊው የሁለቱን መንፈቀ ዓመት ውጤት ሰብስቦ አማካይ ያወጣል፣ ሮስተሩን ይሞላል፣ ደረጃ ይሰጣል። ከዚያ የእያንዳንዱን ልጅ ካርድ በእጁ ይጽፋል፤ ከውጤቱ ሌላ የጠባይና የቀሪ ቦታም አለ። ካርዱ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄዶ ይፈረማል፤ ማኅተም ያርፍበታል። በልማድ ሰኔ 30 ቀን ልጆች እጅ የሚገባው ይህ ነው።

በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር አብዛኛውን ትምህርት ስለሚይዝ ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ እጅ ነው የሚያልፈው። አማካዩ 49 ተኩል የሆነ ልጅ ያልፋል ወይስ ይደግማል? አምስተኛ የወጣችው ልጅ አራተኛ ብትሆን ማን ያውቃል? በእነዚያ ቀናት አንድን ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ የብዕር ጫፍ ሥራ ነው፤ መምህሩም፣ ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ከፈተናው ማለቂያ እስከ ማኅተሙ ያለው ጊዜ ለስጦታ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚሰጠው ግን ልክ በዚህ ጊዜ መሆኑ ያስገርመኛል።

ከገጠሩ ዘመኔ አንድ አውራ ዶሮ አይረሳኝም። ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። አንድ አባት አመሻሽ ላይ ወደ ተከራየሁባት ክፍል መጡ፤ ዶሮውን በጋቢያቸው ውስጥ ይዘውታል። «ለፋሲካ ሳላደርስልዎ ቀርቼ አፍሬ ነው» አሉ። ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ አወጉ። ሲነሡ በሩ ላይ ቆም ብለው «እንግዲህ ልጁን አደራ» አሉኝ። የልጁ ውጤት ማለፊያው ድንበር ላይ ነበር።

ዶሮውን ልመልስ? በእኛ አገር ሰው ከጓሮው ያመጣውን ነገር መመለስ ማዋረድ ነው፤ ሰውዬው ዳግመኛ ዐይኔን አያዩም። ልቀበል? እንግዲያስ ልጁ ቢያልፍ ዶሮው አሳለፈው ይባላል፤ ቢወድቅ «ዶሮ በልቶ ጣለው» ይባላል። ያደረግሁት ይህን ነው፤ የክፍሉን ሁሉ የመልስ ወረቀት ስም ያለበትን ጠርዝ አጥፌ በስፌት ሽቦ ያዝሁና ለሌላ መምህር እንዲያርምልኝ ሰጠሁ፤ የእርሱን ክፍል እኔ አረምሁለት። ልጁ በጭንቅ አለፈ፣ በራሱ ሥራ። በሳምንቱ ጠላ ቤት ውስጥ «ለመሆኑ ያለፈው ልጁ ነው ወይስ ዶሮው?» የሚል ቀልድ እንደተነሣ ሰማሁ። ሁሉም ሳቀ። ያ ልጅ ግን ለፍቶ ያገኘው ነጥብ ከእጁ ተወሰደበት። ወላጆች ልብ የማይሉት ጉዳት ይህ ነው፤ ጊዜውን ያልጠበቀ ስጦታ ከመምህሩ ስም በፊት የልጁን ውጤት ያጎድፋል።

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበሩም። በልባቸው ጉቦ የሚባል ነገር አልነበረም ብዬ ዛሬም እምላለሁ። ዶሮውን ግን ሦስት ነገሮች አበላሹት፤ ውጤት ሳይዘጋ መምጣቱ፣ በምሽት በጋቢ ተሸፍኖ መምጣቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በር ላይ የተነገረችው ያች አደራ። ስጦታ ከልመና ጋር አብሮ ከወጣ ስጦታ ሆኖ አይደርስም። ያንኑ ዶሮ ሐምሌ 5 ቀን፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አደራም ሳይሉ ቢያመጡልኝ ኖሮ አርጄ ጎረቤት ጠርቼ እበላ ነበር።

ሕጉም ቢሆን የሚያየው ወደዚሁ ነው። በ2007 የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ከሥራ ጋር የተያያዘ የማይገባ ጥቅም የሚቀበለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንም ተጠያቂ ያደርጋል። ለአንድ ሙልሙል ዳቦ ዐቃቤ ሕግ ይመጣል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ በሰኔ ወር ሲሰጠው አደጋው የእርሱም የሰጪውም ነው። ገንዘብ መቼም ቢሆን አልመክርም። መምህሩ የተቸገረ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ችግሩን የሚያውቅ ሰው በፖስታ መስጠቱ ግን ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ትልቋ ልጄ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበረች። መስከረም ላይ ፊደል አትለይም ብል ማን ያምነኛል? የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳታቋርጥ ትወርደዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ አስወርዳታለሁ፣ እንግዳውም ያጨበጭባል። መምህርቷ ግን በሁለተኛው ሳምንት ጠርተው አንድ ነገር አሳዩኝ። ገበታው ላይ ጣታቸውን «ቡ» ላይ አሳርፈው «ይህ ማን ነው?» አሏት። ልጄ ዐይኗን ወደ ግራ መለሰችና በሹክሹክታ «በ…» ብላ ጀምራ ወደ ቀኝ ተራምዳ «ቡ!» አለች። «ሚ» ሲሏት ደግሞ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብላ ደረሰችበት። ቀጥለው ገበታውን በደብተር ሸፍነው «ቡ»ን ብቻዋን ወረቀት ላይ ጻፉላት። ዝም አለች። ልጄ የምታውቀው ዜማውን ነበር፤ ፊደሉን አልነበረም።

መምህር ሆኜ ሳለሁ ስንት እንደዚህ ያሉ ልጆችን «አንብበዋል» ብዬ እንዳሳለፍሁ ማን ያውቃል። እኒህ ሴት ስልሳ የሚሆኑ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ ይህችን አንዷን ማግኘታቸው ነው የደነቀኝ።

ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ትዕግሥቱ ነው ከባዱ። የብስኩት ካርቶን የክብሪት ቀፎ አክለው ቆረጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፉ። ከዚያ ገበታው ላይ ወደ ጎን የሚነበበውን ወደ ታች አዞሩት። «በ ቡ ቢ» ማለቱን ትተው «ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ» ብለው ካዕቦቹን ብቻ ለብቻቸው ደረደሩ፤ ከቀኙ ጎን ከመካከል የወጣችውን ጭረት ልጅቷ ራሷ እንድታያት። ጭረቷ ወደ እግር ስትወርድ ደግሞ «ቢ፣ ሊ፣ ሚ፣ ሲ» ሆነ። ከሥርዓቱ የሚያፈነግጡትን «ሩ»ንና «ፉ»ን ወደ መጨረሻ አቆዩላት። በዕረፍት ሰዓት ጥቂት ካርቶን፣ በማግሥቱ የትናንቱ ተደበላልቆ ሌላ ጥቂት ይጨመራል። የገና በዓል ሳይደርስ ልጄ ከመኪና መናኸሪያው አጠገብ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ አንብባ «አባዬ፣ ሙሉ ይላል!» ብላ ጮኸች። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት ደጁ ተዘግቶ እንደከረመ ለሚያውቅ ሰው፣ አንድ መምህር በዕረፍት ሰዓቱ ካርቶን ሲቆርጥ ማየት ተራ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህን ሴት እንዴት እናመስግን? ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አማቴ ከጎዛምን ማር ይዘው መጥተው ነበርና «ይህን ስጪያቸው፤ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?» አሏት ባለቤቴን። ባለቤቴ ደግሞ ቅቤ ይጨመርበት አለች። እኔም ሰኔ መሆኑን አስታወስኋት፤ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 ቀን ነው። ብዙ ሰው የሰኔን ጾም ለካህናት ትቶታል፤ መምህርቷ ግን ይጹሙ አይጹሙ አናውቅም፤ ጾመኛ ቤት ቅቤ ሰድዶ ማፈር ምን ያደርጋል? «እሺ ጤፍ» አለች። ጤፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰኔ ጎተራ የሚራቆትበት፣ እህል የሚወደድበት ወቅት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ጤፍ መስጠት ቤት መደጎም ነው። የተደጎመ ሰው ነፃነቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በዚያው ክፍል ውስጥ የራሳቸው ጎተራ የተራቆተ ወላጆች አሉ፤ መምህርቷ የእኛን ጤፍ እየጋገሩ የእነርሱን ልጅ ሲያስተምሩ ምን እንዲሰማቸው ነው የምንፈልገው?

መጠኑን የምለካበት አንድ መንገድ አለኝ። መምህርቷ ነገ ርእሰ መምህሩ ፊት «እነ እገሌ ይህን ሰጡኝ» ብለው ድምፃቸውን ሳይቀንሱ መናገር ይችላሉ ወይ? ከቻሉ ልኩ ነው። ማንሾካሾክ ካስፈለጋቸው በዝቷል፤ የተሰጠው ነገር ክፋት ባይኖረውም በዝቷል።

አማቴ በዚህ ሁሉ ፍልስፍና ተናደዱ። «በእኛ ጊዜ ለየኔታ ያልተሰጠ ምን ነበር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች በበቀሉበት በጎጃም ለመምህር ማጉረስና ማልበስ ያረጀ ወግ ነው። ግን ትልቁ ድግስ መቼ ነበር የሚደገሰው? ልጁ ዳዊት ሲደግም፣ ማለትም ትምህርቱን ሲጨርስ። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ የኔታ ከላይ ይቀመጣሉ፤ ቤተሰቡም እንደ አቅሙ ያከብራቸዋል። ልጁ ዳዊቱን ደግሟልና በስጦታው የሚገዛ ነገር አልቀረም። ሁሉም ደግሞ በአደባባይ ነው፤ በጋቢ ውስጥ የተሸሸገ ዶሮ የለም። ይህን ብዬ ስጨርስ አማቴ «እንግዲያው ደግሱላቸዋ!» አሉ። ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው።

በመጨረሻ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደብዳቤ ነው፤ ሁለተኛው ድፎ ዳቦ።

ደብዳቤውን ለመምህርቷ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ጻፍሁት። በእጅ የሚሰጥ የምስጋና ካርድ ደስ ይላል፤ ግን መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ሆኖ የገባ ደብዳቤ ግን በመምህሩ የግል ማኅደር ይያያዛል፤ ርእሰ መምህሩ ያነበዋል፤ ነገ የተለወጠ ርእሰ መምህር ቢመጣ እንኳ እዚያው ይቆየዋል። መምህር ሳለሁ የመጡልኝ ስድቦች ሁሉ በጽሑፍ ነበሩ፤ ምስጋናዎቹ ሁሉ በቃል። ስለዚህ ይህን ጻፍሁ፤

«ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ። ልጃችን በትምህርት ቤቱ በ2ኛ ለ ክፍል ስትማር ቆይታለች። በመስከረም ወር የፊደል ገበታን በቃሏ ብትወጣም ፊደላቱን ከተራቸው ውጭ ለይታ ማንበብ አትችልም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ይህን ለይተው በማወቅ፣ ከካርቶን በቆረጧቸው ፊደላት በዕረፍት ሰዓት አለማምደዋታል። አሁን ከዚህ በፊት ያላየችውን አጭር ጽሑፍ ራሷ ታነባለች። ምስጋናችን በትምህርት ቤቱ በኩል እንዲደርሳቸውና ደብዳቤው በግል ማኅደራቸው እንዲያያዝ በአክብሮት እንጠይቃለን። ግልባጭ፦ ለመምህርቷ።»

ይኸው ነው። ያልተጻፈው ነገር ከተጻፈው እኩል ታስቦበታል። «ከመምህራኑ ሁሉ የላቁ» አላልሁም፤ እንዲህ ያለው ቃል መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠላት ይገዛላቸዋል። ስለ ልጄ ደረጃ አንድም ቃል የለም፤ ምስጋናና ደረጃ በአንድ ገጽ ላይ ከተቀመጡ አንዱ የሌላው ዋጋ ይመስላል። «በሚቀጥለው ዓመትም» የሚል ሐረግ የለም። «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያላቸው፣ አርአያ» የሚሉትንም ተውኋቸው፤ እነዚህ ለማንም ይጻፋሉ፣ ማንም አያምናቸውም። የካርቶኑ ነገር ግን ርእሰ መምህሩ ቢፈልግ ክፍሉ ሄዶ የሚያየው ነው። ቀኑ ደግሞ ሐምሌ 2 ነው፤ ካርዱ ቤታችን ከገባ በኋላ።

ዳቦው ደግሞ ለአማቴ ድግስ ምላሽ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ መምህራን ለዓመቱ ግምገማና ለመጻሕፍት ርክክብ ጥቂት ቀን ይሰበሰባሉ፤ ልጆች የሉም፣ ውጤት ተዘግቷል። ድፎ የጾም ነው፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ ዘይት። ሁለት ኪሎ ግድም የስንዴ ዱቄት ሃያ ምናምን ሰው ያቀምሳል። የደብረ ማርቆስ ክረምት ብርድ ነውና ሊጡ በአንድ ሌሊት ኩፍ አይልም ብላ ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ አቦካችው፣ እቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከምድጃው አጠገብ አሳደረችው። በማግሥቱ ማለዳ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ተጋገረ።

ለምን ዳቦ? ይቆረሳል፣ ይበላል፣ ያልቃል። ከመምህርቷ ቤት ገብቶ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ «እነ እገሌ ሰጡኝ» እያለ ሲያስታውስ አይኖርም። ብቻቸውን ሊበሉትም አይችሉም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለሁሉም ተቆረሰ፤ ጥበቃውም፣ ጽዳት ሠራተኛዋም፣ መዝገብ ቤት ያሉትም ቀመሱ። እኔ «2ኛ ለ ስለነበረችው ልጃችን እናመሰግናለን» ብዬ ተቀመጥሁ። ንግግር የሚያበዛ ወላጅ መምህርን ያሳፍራል፤ እኔም በተራዬ አፍሬ አውቃለሁ። ልጄ ራሷ የጻፈችውን ግማሽ ገጽ ሰጠቻቸው፤ ሁለት ቦታ ተሳስታለች፣ አላረምንላትም። መምህርቷ ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ እርሷኑ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው አደረጉ፤ አንዱን ስሕተት ራሷ አገኘችው።

በእርግጥ እኛ የተመቸን ነበርን፤ ልጄ ደረጃ ውስጥ አልገባችም። አንደኛ የወጣ ልጅ ወላጅ ብሆን ኖሮ ዳቦውንም እተወው ነበር። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ እናት በዚያ በር ስታልፍ የአንደኛው አባት ዳቦ ሲያስቆርስ ብታይ ምን ትላለች? ለእንዲህ ያለው ወላጅ ደብዳቤው ብቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የሚለው ካለው ከክፍሉ ወላጆች ጋር በአንድነት ይበል።

የጋራ ስጦታ ካነሣሁ አይቀር፣ ጥሩ ነገር ነው፤ አደራረጉ ግን ይበላሻል። የአንድ ጎረቤቴ ልጅ በሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ወላጆች በቴሌግራም ሲያዋጡ ሰብሳቢዋ የከፈሉትን ስምና መጠን እየዘረዘረች ትለጥፍ ነበር። እዚያው ውስጥ መምህርቷም አሉበት! ይህ ምስጋና አይደለም፣ የግብር ደረሰኝ ነው፤ ያልከፈለውም ወላጅ ስሙ በመቅረቱ ይታወቃል። ማዋጣት ካስፈለገ ማንም የማይከብደው ትንሽ መጠን ይቆረጥ፣ ዝርዝሩ አንድ ሰው ጋር ይቅር፣ ያላዋጣው ወላጅም ስም እኩል ይግባበት፤ «ከ2ኛ ለ ክፍል ወላጆች» ብቻ ይባል። በዚህ መልክ ከሆነ ትልቅ ነገርም መስጠት ይቻላል። አንድ ወላጅ ለብቻው ቢሰጠው የሚከብደው የሸማኔ ጋቢ ከስልሳ ቤት ሲመጣ ክብር ነው። ሸማኔው ግን በሰኔ ማለቂያ ተጠይቆ አያደርስም፤ በግንቦት መታዘዝ አለበት።

እኔን ገና ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ታናሹ ልጃችን በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል። ምድቡ ገና አልወጣም፤ እኒያው መምህርት ሊደርሱት ይችላሉ። ባለቤቴ ርእሰ መምህሩን አነጋግረን እርሳቸው ዘንድ እናስመድበው ትላለች፤ ለልጇ ጥሩ መምህር መፈለጓ ያስመሰግናታል እንጂ አያስወቅሳትም። እኔ ደግሞ ይህን ብንጠይቅ የሐምሌው ደብዳቤ ወደ ኋላ ተመልሶ ልመና ይሆናል፣ ዳቦውም የምዝገባ ዳቦ ይሆናል እላለሁ። እስካሁን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው፤ ምድቡ በራሱ ይውጣ፤ እርሳቸው ከደረሱት ልጁ ከእጃቸው እስኪወጣ ድረስ ከቤታችን ምንም ነገር አይሄድም፣ የክፍሉ መዋጮ ካለ ግን እንደማንኛውም ወላጅ እናዋጣለን። ካልደረሱትም አልደረሱትም። ባለቤቴ ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አልፈረመችበትም፤ ነሐሴ ላይ ክርክሩ እንደሚቀጥል ይታየኛል።